የአንዱ ዳቦ እውነተኛ ወጪ ስንት ነው?

ለአጥቢያ የልማት ኮሚቴዎችና ለፕሮጀክት ሠራተኞች የተዘጋጀ ትምህርት

በዚህ ትምህርት የምንመለከተው አንድ ትንሽ ዳቦ ቤት የመሸጫ ዋጋውን ከመወሰኑ በፊት አንዱ ዳቦ በእርግጥ ስንት ብር እንደሚፈጅበት የሚያውቅበትን መንገድ ነው። እርሳስና ወረቀት ይዛችሁ፣ ቢቻል በቡድን ሆናችሁ ብታነቡት ይበልጥ ይጠቅማችኋል።

ነገሩን በምሳሌ ብንጀምር ይሻላል። በአዳማ አንድ የእናቶች ቡድን ለመነሻ በተሰጠው 80,000 ብር ዳቦ ቤት ከፈተ። በሳምንት ስድስት ቀን፣ በየቀኑ አንድ ኩንታል የፉርኖ ዱቄት ይጋግራል። ዳቦው ባለ 100 ግራም ሲሆን ገሚሱ በመስኮት ለተማሪዎች፣ ለቀን ሠራተኞችና ለቤት እመቤቶች ይሸጣል፤ ገሚሱም በቅርጫት ወደ ሰፈሩ ሱቆች ይሄዳል። ገበያ አልጠፋም። ነገር ግን ሦስተኛው ወር ሲያልቅ ዱቄት የሚገዛበት ገንዘብ ታጣ።

ሒሳብ ያዥዋን እናት ስጠይቃቸው፣ “ወንድሜ፣ እኛም ግራ ገብቶናል። በየማታው መሳቢያው ሙሉ ነው እኮ!” አሉኝ። እውነታቸውን ነው፤ ዱቄቱን በ9,000 ብር ገዝተው ማታ ከ11,000 ብር በላይ ይቆጥሩ ነበር። ስለዚህ ጥርጣሬው በጋጋሪው ላይ ወደቀ። ከአንድ ኩንታል 1,387 ዳቦ ይወጣል ብለው አስልተው ነበርና፣ እርሱ ግን ቆጥሮ የሚያስረክበው 1,340 ያህል ብቻ ነበር። የቀሩት 47 ዳቦዎች የት ገቡ? እኔ በደረስኩበት ሳምንት ሰውየውን ለማሰናበት ተነጋግረው ጨርሰዋል። እኔም ከማሰናበታቸው በፊት አንድ ሳምንት እንዲታገሡኝና ሒሳቡን አብረን እንድንሠራ ለመንኳቸው።

ከዚህ በታች የምጽፋቸው ዋጋዎች ለትምህርቱ እንዲመቹ የተጠጋጉ ናቸው። እናንተ በከተማችሁ ያለውን ዋጋ በቦታቸው ተኩ። ደግሞም ያለፈውን ወር ደረሰኝ ሳይሆን የሚቀጥለውን ኩንታል የምትገዙበትን ዋጋ ጻፉ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ፣ በተለይ እንደ እርሾ ባለው ከውጭ በሚመጣ ዕቃ ላይ፣ የቆየ ደረሰኝ ያሳስታል።

የመጀመሪያው ሒሳባቸው

ቡድኑ ዋጋ የወሰነው በግድግዳ ላይ በለጠፈው አንድ ወረቀት ነበር። ዱቄት 9,000 ብር፣ አንድ ኪሎ ደረቅ እርሾ 900፣ አንድ ሊትር ዘይት 300፣ አንድ ኪሎ ስኳርና አንድ ኪሎ ተኩል ጨው በአንድነት 180፣ ውሃ 20፤ ድምሩ 10,400 ብር። ከዚህም 55 ሊትር ውሃ ሲጨመርበት ወደ 159 ኪሎ ተኩል ሊጥ ይገኛል። አንዱ ድቡልቡል 115 ግራም ቢሆን 1,387 ዳቦ ይወጣል። 10,400 ለ1,387 ሲካፈል 7 ብር ከ50 ይመጣል። በ9 ብር ብንሸጥ በአንዱ 1 ብር ከ50 እናተርፋለን፤ በቀን ከ2,000 ብር በላይ ማለት ነው ብለው ደስ አላቸው።

ማካፈሉ አልተሳሳተም። የተሳሳተው ከላይ ያለው ቁጥርና ከታች ያለው ቁጥር ነው። ከላይ የተጻፈው የሊጡ ወጪ እንጂ የዳቦው ወጪ አይደለም። ከታች የተጻፈውም ሊገኝ የሚችለው የዳቦ ብዛት እንጂ ወደ ገንዘብ የተለወጠው ብዛት አይደለም። ሁለቱን ለየብቻ እንመልከታቸው።

ከላይ ያለው ቁጥር፦ ወጪው ሁሉ

በጉልበት እንጀምር። ጋጋሪው በወር 9,100 ብር፣ ረዳቱ 5,200 ብር ይከፈላቸዋል። ደመወዙ የሚከፈለው ለወሩ ቢሆንም ዳቦ የሚጋገረው 26 ቀን ብቻ ነው፤ ስለዚህ የሚካፈለው ለ30 ሳይሆን ለ26 ነው። ይህም ለጋጋሪው በቀን 350፣ ለረዳቱ 200 ይሆናል። ከእነርሱ ሌላ ሁለት እናቶች በየተራ ከንጋት ጀምረው በመስኮት ይሸጣሉ። “እኛ የራሳችን ነው፣ ደመወዝ አንወስድም” አሉኝ። እኔም አንዷ ብትታመም በቦታዋ ሰው ለመቅጠር ስንት ትከፍላላችሁ ብዬ ጠየቅኋቸው። በቀን 200 ብር ነው አሉ። እንግዲህ የእነርሱም ጉልበት 400 ብር ተብሎ ይጻፋል። ገንዘቡን ዛሬ ይውሰዱትም አይውሰዱትም ዳቦው ያንን ጉልበት በልቷል። ይህ ካልተጻፈ ዳቦ ቤቱ የሚኖረው ከእናቶቹ ጓዳ በሚወሰድ ብድር ነው፤ ብድሩንም ማንም አይመዘግበውም። የጉልበቱ ድምር 950 ብር ሆነ።

ማገዶው ጥቂት ትዕግሥት ይጠይቃል። ምድጃው የሚሞቀው በእንጨት ስለሆነ ቡድኑ አንድ ጭነት እንጨት በ6,000 ብር ይገዛል፤ የዛሬው ዳቦ ስንቱን እንደፈጀ ግን ማንም አያውቅም። መፍትሔው ቀላል ነው። ጭነቱ ከተራገፈበት ቀን ጀምሮ እስኪያልቅ ድረስ በተጋገረ ቁጥር በግድግዳው ላይ አንድ መስመር ይሰመራል። መስመሮቹ 8 ሆኑ፤ ስለዚህ የቀኑ ማገዶ 750 ብር ነው። አንድ ቀን ብቻ ለክቶ መወሰን ግን አይበጅም። እሑድ ስለማይጋገር ምድጃው ሰኞ ቀዝቅዞ ይጠብቃል፤ ጡቡን ለማሞቅ ብቻ ብዙ እንጨት ይነድዳል። የሐሙስን ማገዶ ብቻ የለካ ሰው ከእውነቱ ያነሰ ቁጥር ይጽፋል። በኤሌክትሪክ የሚጋግሩ ደግሞ ከመጋገሩ በፊትና በኋላ ቆጣሪውን ለአንድ ሳምንት እያነበቡ ይመዝግቡ። መብራት ሲጠፋ የሚበላሸው ሊጥ ግን የማገዶ ወጪ ሳይሆን ብክነት ነው፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን።

መጠቅለያውን ሁሉም ሰው እንደ ጥቃቅን ያየዋል። ለሱቅ የሚሄደው በቅርጫት ስለሚሰጥ ምንም አይፈጅም። በመስኮት የሚሸጠው አምስት አምስቱ በአንድ ከረጢት ይገባል። በ2017 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አዋጅ የፕላስቲክ ከረጢትን ስለከለከለ ቡድኑ በ4 ብር የወረቀት ከረጢት ይገዛል። በቀን 125 ከረጢት 500 ብር ነው። ይህ በአንዱ የመስኮት ዳቦ ላይ 80 ሳንቲም ማለት ስለሆነ፣ ከማገዶው እንኳ ይበልጣል!

ከእነዚህ በቀር የቤት ኪራይ በወር 7,800 ብር፣ ለ26 ሲካፈል 300፤ ዱቄት ማምጫና ለሱቅ ማድረሻ የባጃጅ 200፤ ለምድጃ ጥገናና ለመጋገሪያ ትሪ መተኪያ በየቀኑ የሚቀመጥ 150 ብር አለ። ድምሩ 650 ነው።

አሁን ከላይ ያለውን ቁጥር እንደምረው። ሊጥ 10,400፣ ጉልበት 950፣ ማገዶ 750፣ መጠቅለያ 500፣ ሌላው 650፤ ጠቅላላ 13,250 ብር።

ከታች ያለው ቁጥር፦ የተሸጠው ብቻ

ወደ ጠፉት 47 ዳቦዎች እንመለስ። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሄጄ ጋጋሪው ድቡልቡሉን ቆርጦ በትሪው ላይ ሲደረድር፣ ሳልመርጥ 20 ድቡልቡል አንሥቼ በአንድነት መዘንኳቸው። 2 ኪሎ ከ360 ግራም ሆኑ፤ አንዱ 118 ግራም ማለት ነው። ሰውየው የሚቆርጠው በእጁ ግምት ነበር፤ ዳቦው አንሶ ሰው እንዳያማው ብሎም ጥቂት ያበዛል። በአንዱ 3 ግራም ብቻ ነው፤ በ1,340 ዳቦ ግን ከ4 ኪሎ በላይ ሊጥ ይሆናል። በገንዳውና በጠረጴዛው ላይ ተጣብቆ የቀረውን ሊጥ ደግሞ ፍቀን መዘንነው፤ ወደ 1 ኪሎ ከ400 ግራም ነበር። ሁለቱን ስንደምር 47ቱ ዳቦ ተገኘ። ጋጋሪው አንድም አልወሰደም ነበር። ሒሳብ ያዥዋ እናት ያን ቀን ጠዋት በሰው ሁሉ ፊት ይቅርታ ጠየቁት፤ እርሱም ሚዛን ይገዛልኝ ብሎ መለሰ።

ነገር ግን ከምድጃ የወጣው 1,340 ሁሉ አይሸጥም። ለአንድ ሳምንት አራት ነገሮችን በየቀኑ መዘገብን፤ የተቃጠለና ቅርጹ የተበላሸ፣ ሠራተኞች የበሉትና በነጻ የተሰጠ፣ ማታ ሳይሸጥ ያደረ፣ በሙሉ ዋጋ የተሸጠ። በአማካይ 25 ተበላሸ፣ 20 ተበላና ተሰጠ፣ 45 አደረ። በሙሉ ዋጋ የተሸጠው 1,250 ነው። ሠራተኛ ዳቦ አይብላ ማለቴ አይደለም፤ ይብላ፣ ግን ይጻፍ። ያደረው 45 ዳቦ በ4 ብር ተሽጦ 180 ብር ስላስገባ ይህን ከወጪው እንቀንሳለን።

13,250 ሲቀነስ 180፣ 13,070 ብር ይሆናል። ይህ ለ1,250 ሲካፈል 10 ብር ከ46 ሳንቲም ነው።

በ9 ብር የሚሸጠው ዳቦ እንግዲህ በአንዱ 1 ብር ከ46 ያከስራል። ታዲያ መሳቢያው ለምን ሙሉ ሆነ? ከወጪው ሁሉ ዛሬውኑ የሚከፈለው ዱቄቱ ስለሆነና እርሱም ከማታው ገንዘብ ስለሚያንስ ነው። የስድስት ወሩን ኪራይ አጥቢያይቱ ቀድማ ከፍላ ነበር፣ ምድጃው ገና አልተሰነጠቀም፣ እናቶቹ ደመወዝ አልጠየቁም። እነዚህ ሁሉ ባይከፈሉም እንኳ በየቀኑ 12,400 ብር ይወጣል፣ 11,430 ይገባል። የ970 ብር ጉድለት በ78 የሥራ ቀን ከ75,000 ብር በላይ በላ። የመነሻው ገንዘብ የሄደው ወደዚያ ነው።

ስለ ብክነት አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም መጠኑ ከከተማ ከተማ ይለያያልና የአዳማን ቁጥር ወስዶ ለሌላ ቦታ መጠቀም አይቻልም። በስምጥ ሸለቆ ቆላማ ከተሞች፣ ለምሳሌ በመተሐራ፣ ሊጥ ፈጥኖ ይቦካል። መብራት ቢጠፋ ወይም ምድጃው ቢዘገይ ኮምጥጦ ይወድቃል፤ ዳቦውም ጠፍጣፋና ገረጣ ይሆናል። ይህን ያየ ጋጋሪ እርሾውን ይቀንሳል፣ ቀዝቃዛ ውሃ ይጠቀማል፣ ሥራውንም ወደ ሌሊት ይወስዳል። በነፋሻማው በጋ ደግሞ የጠዋቱ ዳቦ ከሰዓት በኋላ ስለሚደርቅ ያደረው ይበዛል። ዱቄትም እንደ ስንዴው ይለያያል፤ ጠንካራ ዱቄት ብዙ ውሃ ይጠጣል፣ ደካማው ጥቂት ጠጥቶ ሊጡ ይልማል፣ ከኩንታሉ የሚገኘው ዳቦም ያንሳል። ስለዚህ የዱቄት ፋብሪካ በለወጣችሁ ቁጥር ቆጠራውን እንደገና ለሁለትና ለሦስት ቀን አድርጉት።

ዋጋው እንዴት ይወሰን?

ዋጋውን ከመንካታቸው በፊት ቡድኑ ሚዛን ገዛ። ድቡልቡሉ 115 ግራም ሲሆን ከምድጃ በኋላ ከመቶው ወደ 12 እጅ ያህል ክብደት በእንፋሎት ስለሚሄድ 101 ግራም ገደማ ይቀራል፤ ባለ 100 ግራም ብሎ ለሚሸጥ ሰው ይህ ይበቃል። ከዚያ በታች መውረድ ግን ገዢውን ማታለል ነው፤ የንግድ ጽሕፈት ቤት ተቆጣጣሪም ሚዛን ይዞ ይመጣል። ከዚሁ ሊጥ 35 ተጨማሪ ዳቦ ወጣ። ሁሉም ከተሸጠ የአንዱ ወጪ ወደ 10 ብር ከ17 ይወርዳል። ይሁን እንጂ መሸጡ እስኪታወቅ ድረስ ዋጋውን በ10 ብር ከ46 እንዲያስቡ መከርኳቸው።

ከዚያም ወጪውን ለሁለት ከፈልነው። የመጠቅለያው 500 ብር የሚመለከተው የመስኮቱን ዳቦ ብቻ ነው። ከረጢት የሌለው የሱቅ ዳቦ 10 ብር ከ6 ሳንቲም፣ ከረጢት ያለው የመስኮቱ ዳቦ 10 ብር ከ86 ይፈጃል። ባለሱቅም 1 ብር ካላተረፈ አይወስድም። ስለዚህ ለሱቅ በ11 ብር፣ በመስኮት በ12 ብር እንዲሆን ተስማሙ። የመስኮቱን ከባለሱቅ መሸጫ ዝቅ ቢያደርጉት ኖሮ የራሳቸውን ደንበኛ ይሻሙ ነበር። የቀድሞው ብዛት ከተሸጠ በቀን ወደ 1,300 ብር ይተርፋል። ከዚህም ላይ ግብር ይከፈላል፣ የተበላው የመነሻ ገንዘብ ይመለሳል። ዘንቢል ይዘው ለሚመጡ እናቶች 50 ሳንቲም መቀነስ ይቻል እንደሆነ ገና እየተከራከሩበት ነው። ከረጢቱ 80 ሳንቲም ስለሚፈጅ ይቻላል የሚል ነው የኔ አስተያየት።

ዋጋ ሲጨምር ገዢ ሊቀንስ ይችላል። ይህን በሥጋት ሳይሆን በቁጥር መከታተል ይገባል። ከተጋገረው 1,295 ለሽያጭ ቢቀርብና ሁሉም በ11 ብር ቢሸጥ፣ ያደረውም 4 ብር ቢያወጣ፣ ወጪው የሚሸፈነው 1,153 ዳቦ በሙሉ ዋጋ ሲሸጥ ነው። ይህ ቁጥር ለመስኮቱ ሻጭ ይነገራት፤ ማታ ከዚያ በታች ከቆጠረች ያ ቀን ኪሣራ ነው። አንድ ቀን አያስደነግጥም፤ በተከታታይ አንድ ሳምንት ከሆነ ግን የሚጋገረው መቀነስ አለበት።

ይህም ቢሆን ወሰን አለው። ክረምት ገብቶ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ቡድኑ ወደ ግማሽ ኩንታል ለመውረድ አሰበ። የሊጡ ወጪ በግማሽ ይቀንሳል፣ 5,200 ብር ይሆናል፤ ከረጢቱም ወደ 250። ጉልበቱ ግን ያው 950 ነው፤ ምድጃውን ለማሞቅ ብቻ 500 ብር ያህል እንጨት ይነድዳል፤ ኪራዩና ሌላው ከ600 አይወርድም። 7,500 ብር ወጥቶ 620 ዳቦ ቢሸጥ አንዱ ከ12 ብር በላይ ይፈጃል፤ የመስኮቱ ዋጋ እንኳ አይሸፍነውም። ስለዚህ በየቀኑ ግማሽ ኩንታል ከመጋገር ይልቅ በሳምንት አራት ቀን አንድ አንድ ኩንታል መጋገርንና ለረዳቱ በሠራበት ቀን መክፈልን መረጡ። ረዳቱም አስቀድሞ ተጠይቆ ተስማማ።

መልመጃ

በባቱ አንድ ዳቦ ቤት አለ እንበል። በቀን ግማሽ ኩንታል ይጋግራል፤ የጻፈው ወጪ ሁሉ 6,600 ብር ነው። 690 ዳቦ ከምድጃ ይወጣል፤ 15 ይቃጠላል፣ 15 ይበላል፣ 60 አድሮ በ4 ብር ይሸጣል። የመሸጫ ዋጋው 11 ብር ነው። በመጀመሪያ የአንዱን ዳቦ ወጪ አስሉ። ቀጥሎም በወጪው ውስጥ ያልተጻፈ፣ በመስኮት የሚሸጡ የእናትና የልጅ ጉልበት በቀን 400 ብር እንዳለ ተገነዘቡና እንደገና አስሉ። ሦስተኛ፣ ይህ ዳቦ ቤት ዋጋ ከመጨመሩ በፊት ከሦስቱ የብክነት ዓይነቶች በየትኛው ቢጀምር ይሻለዋል? ተወያዩበት።

የመጀመሪያው መልስ 10 ብር ከ60፣ የሁለተኛው 11 ብር ከ27 ነው። ሦስተኛውን ከመመለሳችሁ በፊት ያደሩት 60 ዳቦዎች በየትኞቹ ቀኖች እንደሚበዙ ጠይቁ።